«እንዳይመጣ እፈራለሁ»፦ የእስፓንኛው ዘንድ አንቀጽ ከአማርኛ ሲታይ

እስፓንኛን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ዘንድ አንቀጽ ላይ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የግስ ዝርዝሮችን ያቀርባሉ። አንደኛው የፍላጎት፣ ሁለተኛው የጥርጣሬ፣ ሦስተኛው የስሜት ነው። ከእነዚህ ግሶች ቀጥሎ «ኬ» የተሰኘው አያያዥ ሲመጣና ሁለተኛው ግስ ሌላ ባለቤት ሲኖረው፣ ያ ሁለተኛ ግስ ቅርጹን እንደሚለውጥ ለተማሪው ይነገረዋል። ተማሪውም ዝርዝሩን ያጠናል። ፈተናውን ያልፍ ይሆናል፤ ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ግስ ሲያጋጥመው፣ ወይም ከአማርኛ ወደ እስፓንኛ በቃል ሲያስተረጉም፣ ዝርዝሩ አብሮት አይሄድም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። አማርኛ ተናጋሪ የእስፓንኛን ዘንድ አንቀጽ በዝርዝር መማር አያስፈልገውም፤ አብዛኛውን ልዩነት በራሱ ቋንቋ ይዞት መጥቷል። በ«እንዲመጣ» እና በ«እንደሚመጣ» መካከል ያለውን ልዩነት ሳይሳሳት የሚጠቀም ሰው የእስፓንኛውን ሥርዓት ግማሽ መንገድ ሄዶበታል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ከእነርሱም አንዱ፣ ማለትም ፍርሃትን የምንገልጽበት መንገድ፣ የተናጋሪውን ቃል ገልብጦ ተቃራኒውን የሚያስብል ነው። ማስተማሪያችን ጊዜውን ማዋል ያለበት በእነዚህ ቦታዎች ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በኩባ ተምረዋል፤ ብዙዎቹም የተማሩት «ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ» ማለትም የወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ ነው። የኩባ ሐኪሞችም በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አገልግለዋል። በሐኪምና በታማሚ፣ በባለሥልጣንና በባለጉዳይ መካከል ቆሞ ከአማርኛ ወደ እስፓንኛ የሚያስተረጉም ሰው ከዚህ ቀጥሎ ከማነሣቸው ዓረፍተ ነገሮች አያመልጥም። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የወሰድሁት ከቀየትና ከአካባቢው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው የዕለት ንግግር፣ ማለትም ከበልግ ዝናብ፣ ከውርጭና ከገብስ ነው። እስፓንኛውን እንደ አነባበቡ በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

ስያሜውና ቅርጹ

«ዘንድ አንቀጽ» የሚለው ስም የቅኔ ቤት ስም ነው። የግእዝ ሰዋስው መምህራን «ይነግር» የሚለውን ካልዓይ «ይንግር» ከሚለው ይለያሉ፤ ሁለተኛውን «ይነግር ዘንድ» ወይም «ሊነግር» ብለው ይፈቱታል። የመጀመሪያው ነገሩን ይናገራል፤ ሁለተኛው ነገሩ እንዲሆን የታሰበ መሆኑን ያመለክታል። ይህን ስም ለእስፓንኛው መዋሳችን ተገቢ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በእስፓንኛም ልዩነቱ የጊዜ ሳይሆን ተናጋሪው ነገሩን እንዴት አድርጎ እንደሚያቀርበው ነው። ተቃራኒውን ማለትም ነገሩን እንደ መረጃ የሚያቀርበውን ቅርጽ በዚህ ጽሑፍ «ዘገባ አንቀጽ» እለዋለሁ።

የእስፓንኛ ዘንድ አንቀጽ ቅርጽ በፊደላችን ሲጻፍ ለዓይን ግልጽ ነው። የአሁኑን ጊዜ ለማግኘት በአንደኛ መደብ ነጠላ ያለውን የዘገባ ቅርጽ ወስዶ የመጨረሻውን ፊደል መለወጥ ይበቃል። ያ ፊደል ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሳብዕ ነው። የግሱ መነሻ በ«አር» የሚያልቅ ከሆነ ሳብዑ ኀምስ ይሆናል፤ «አብሎ» (እናገራለሁ) «አብሌ» ይሆናል። መነሻው በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ሳብዑ ራብዕ ይሆናል፤ «ኮሞ» (እበላለሁ) «ኮማ»፣ «ቤንጎ» (እመጣለሁ) «ቤንጋ» ይሆናል። ከዚህ ሕግ የሚወጡት ስድስት ግሶች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም «ሴር»፣ «ኤስታር»፣ «ኢር»፣ «ዳር»፣ «ሳቤር» እና «አቤር» ናቸው።

ከእነዚህ ቅርጾች አንዱን ኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት ሳንገባ ሰምተነዋል። በሰልፍና በመፈክር «ቪቫ» ሲባል የኖረው ቃል «ቢቢር» (መኖር) የተባለው ግስ ዘንድ አንቀጽ ነው። «ቢቤ» ቢሆን «ይኖራል» ማለት ይሆን ነበር፤ «ቢባ» ግን «ይኑር» ወይም «ትኑር» ማለት ነው። «ለዘላለም ትኑር» የሚለው የእኛው መፈክርና «ቢባ» በሰዋስው ረገድ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ምኞት እንጂ ዘገባ አይደሉም። «ነፍሱን ይማር»፣ «እግዜር ይስጥልኝ» የምንልበት አንቀጽም ይኸው ነው።

ፍላጎት፦ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበት

በፍላጎት ግሶች ላይ አማርኛና እስፓንኛ በሚያስገርም ሁኔታ ይገጥማሉ። «መምጣት እፈልጋለሁ» ስንል የሚፈልገውም የሚመጣውም አንድ ሰው ስለሆነ ንዑስ አንቀጹን እንጠቀማለን፤ እስፓንኛውም «ኪዬሮ ቤኒር» ይላል። «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» ስንል ግን ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ እስፓንኛውም «ኪዬሮ ኬ ቤንጋ» ብሎ ዘንድ አንቀጹን ያመጣል። በእንግሊዝኛ በኩል ለሚማር ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ በሁለቱም ቦታ ንዑስ አንቀጹን ይጠቀማልና። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን አዲስ ነገር የለውም።

መመሳሰሉ ጎልቶ የሚታየው «ዴሲር» (ማለት፣ መናገር) በተባለው ግስ ላይ ነው። ይህ ግስ ከሦስቱ ዝርዝሮች በአንዱም የለም፤ ሆኖም ሁለቱንም አንቀጾች ይቀበላል። «እንደሚመጣ ይናገራል» የሚለው «ዲሴ ኬ ቢዬኔ» ይሆናል። «እንዲመጣ ይነግረዋል» የሚለው ደግሞ «ሌ ዲሴ ኬ ቤንጋ» ይሆናል። በመጀመሪያው አንድ ሰው ወሬ ያቀብላል፤ በሁለተኛው ትእዛዝ ያስተላልፋል። በዝርዝር የተማረ ሰው «ዴሲር» የትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ ይጨነቃል። አማርኛውን የሚያዳምጥ ሰው ግን «እንደሚ» ሲሰማ ዘገባውን፣ «እንዲ» ሲሰማ ዘንዱን ይመርጣል። በአማርኛ ልዩነቱን የሚሸከመው ከግሱ ፊት ያለው ክፍል ነው፤ በእስፓንኛ ደግሞ የግሱ መጨረሻ ነው። የሚሸከሙት ልዩነት ግን አንድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። አማርኛ ዋናው ግስ ወደ ኃላፊ ሲሄድ ጥገኛውን አይለውጥም፤ «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» እና «እንዲመጣ ፈልጌ ነበር» ውስጥ «እንዲመጣ» ያው ነው። እስፓንኛ ግን ጥገኛውንም ይለውጣል፤ «ኬሪያ ኬ ቢኒዬራ» ይላል እንጂ «ኬሪያ ኬ ቤንጋ» አይልም። ስለዚህ አማርኛው አንቀጹን ይመራናል፤ ጊዜውን ግን አይመራንም።

ጥርጣሬ፦ አንድ ግስ፣ ሁለት መንገድ

«መጠራጠር» የሚለው የአማርኛ ግስ ሁለት ትርጉም አለው፤ ትርጉሙንም የሚለየው ጥገኛው ክፍል የሚመጣበት መንገድ ነው። አንድ ገበሬ «መምጣቱን እጠራጠራለሁ» ቢል ሰውዬው የሚመጣ አይመስለውም። «ይመጣል ብዬ እጠራጠራለሁ» ቢል ግን ሰውዬው ሳይመጣ አይቀርም ብሎ ይገምታል ማለት ነው። ግሱ አንድ ሆኖ መልእክቱ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሄደ።

እስፓንኛ ለዚህ ሁለት ግሶች አሉት። የመጀመሪያው «ዱዶ ኬ ቤንጋ» ይሆናል፤ ዘንድ አንቀጽ ነው። ሁለተኛው «ሶስፔቾ ኬ ቢዬኔ» ይሆናል፤ ዘገባ አንቀጽ ነው። እንግዲህ አማርኛው «ብዬ» ሲልና ከ«ብዬ» በፊት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲያስቀምጥ ተናጋሪው ያንን ዓረፍተ ነገር በራሱ አፍ እንደ ግምቱ አቅርቦታል። «መምጣቱን» ብሎ ወደ ንዑስ አንቀጽ ሲያወርደው ግን ነገሩን አላቀረበም፤ ለጥርጣሬው ማረፊያ ብቻ አደረገው። የእስፓንኛው የአንቀጽ ምርጫም በዚሁ መስመር ይሄዳል።

ይህ ማብራሪያ ከእኔ የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ትሬሲ ቴሬልና ጆአን ሁፐር «ሂስፓኒያ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ የእስፓንኛን አንቀጽ ምርጫ ከማረጋገጥ ጋር አያይዘውታል። ተናጋሪው የጥገኛውን ይዘት እንደ መረጃ ካቀረበ ዘገባ አንቀጽ ይመጣል፤ ካላቀረበ ዘንድ አንቀጽ ይመጣል። የእኔ ጭማሪ አማርኛ ይህንኑ ልዩነት በ«ብዬ» እና በንዑስ አንቀጽ ገላልጦ የሚያሳይ መሆኑን መጠቆም ብቻ ነው።

አሉታም በዚሁ መንገድ ይሠራል። «ይመጣል ብዬ አምናለሁ» ማረጋገጥ ስለሆነ «ክሬዮ ኬ ቢዬኔ» ይሆናል። «ይመጣል ብዬ አላምንም» ማረጋገጡን ስለሚያነሣ «ኖ ክሬዮ ኬ ቤንጋ» ይሆናል። እዚህ ላይ «ብዬ» መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው ግስ «ብዬ» ያቀረበውን መልሶ ይነሣው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። «ኖ ዱዶ ኬ» (አልጠራጠርም) ከተባለ በኋላ ደግሞ እስፓንኛ ተናጋሪዎች ሁለቱንም አንቀጾች ይጠቀማሉ። ለዝርዝሩ ይህ እንቆቅልሽ ነው። ለማረጋገጥ ሐሳብ ግን ይጠበቃል፤ ጥርጣሬን የካደ ሰው ነገሩን አረጋግጦ ሊያቀርበው ወይም ጥርጣሬውን ብቻ ሊያስወግድ ይችላልና።

ስሜት፦ እውነት ሆኖም ዘንድ

ተማሪን ይበልጥ የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። ዘንድ አንቀጽ ያልተረጋገጠ ነገር የሚነገርበት ከሆነ፣ የሆነና የታየ ነገር እንዴት በዘንድ አንቀጽ ይነገራል? የበልጉ ዝናብ ዘንቧል፤ መሬቱ ርሷል፤ ገበሬው ደስ ብሎታል። እስፓንኛው ግን «ሜ አሌግሮ ዴ ኬ አያ ዮቢዶ» ይላል፤ «አያ» የ«አቤር» ዘንድ አንቀጽ ነው። ዘገባው «አ ዮቢዶ» ነበር።

መልሱን አማርኛው ይዞታል። ገበሬው «በመዝነቡ ደስ ብሎኛል» ይላል። ሲናገር ስለ ዝናቡ ለማንም አይነግርም፤ ዝናቡን ሰሚውም ያውቀዋል። የሚነግረው ስለ ደስታው ነው። ስለዚህ ዝናቡን ወደ ንዑስ አንቀጽ አወረደው፤ ልክ ተጠራጣሪው «መምጣቱን» እንዳለው። ጥርጣሬና ስሜት በእውነትነት ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ተናጋሪው ጥገኛውን እንደ ዜና አያቀርብም፤ የመጀመሪያው ስለማያምንበት፣ ሁለተኛው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ። እስፓንኛ ለሁለቱም አንድ አንቀጽ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። «ዘንድ አንቀጽ የጥርጣሬ አንቀጽ ነው» የሚለው የተለመደ ትምህርት የስሜት ግሶችን ማስረዳት የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ገበሬው ሐሳቡን በሌላ መንገድ ሊናገረው ይችላል፤ «ስለዘነበ ደስ ብሎኛል»። እዚህ ላይ ዝናቡ ምክንያት ሆኖ ቀረበ። እስፓንኛውም «ሜ አሌግሮ ፖርኬ አ ዮቢዶ» ብሎ ወደ ዘገባ አንቀጽ ይመለሳል። «ፖርኬ» ምክንያትን ይነግራልና። በዝርዝር የተማረ ተማሪ ደስታን በሰማ ቁጥር ዘንድ አንቀጽ ሲጽፍ እዚህ ይሳሳታል። «በመ»ን እና «ስለ»ን ለይቶ ለሚሰማ ግን ልዩነቱ በጆሮው አለ።

ንዑስ አንቀጽ ሁሉ ወደ ዘንድ ይመራል ማለት ግን አይደለም። «መምጣቱን አውቃለሁ» እና «መምጣቱን ሰማሁ» በእስፓንኛ ዘገባ አንቀጽ ናቸው፤ ማወቅና መስማት ይዘታቸውን አረጋግጠው ያቀርባሉ። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ስለ አማርኛው ቅርጽ ብቻ አይደለም። «ይህ ሰው እየነገረኝ ያለው ጥገኛውን ነው ወይስ ለጥገኛው ያለውን ስሜት?» የሚለው ነው። የአማርኛው ቅርጽ ወደ ጥያቄው ያደርሰናል፤ ጥያቄውን ግን አይተካውም።

ተስፋና ፍርሃት፦ የሚለያዩበት

እስካሁን አማርኛው መርቶናል። አሁን ወደሚያሳስትበት እንሂድ።

የመጀመሪያው ተስፋ ነው። «ይዘንባል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» ወይም «እንደሚዘንብ ተስፋ አደርጋለሁ» እንላለን። «ብዬ»ም «እንደሚ»ም እስካሁን ወደ ዘገባ አንቀጽ የመሩን ምልክቶች ናቸው። አማርኛ ተስፋን የሚመድበው ከእምነት ጋር ነው። እስፓንኛ ግን ከፍላጎት ጋር ስለሚመድበው «ኤስፔሮ ኬ ዩዌባ» ይላል። «ኤስፔሮ ኬ» ከተባለ በኋላ የወደፊት ዘገባ የሚመጣበት አጋጣሚ አለ፤ ያን ጊዜ ግን ትርጉሙ ወደ መጠበቅና ወደ መገመት ያዘነብላል። ለተራው ተስፋ ትክክለኛው ዘንድ አንቀጽ ነው። በዚህ ቦታ የሚፈጠረው ስሕተት ጆሮ የሚጎረብጥ እንጂ መልእክትን የሚያጠፋ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ፍርሃት፣ ከዚህ የተለየ ነው። አማርኛ የሚፈራውን ነገር በአሉታ ያመጣዋል። «ውርጭ ገብሱን እንዳያቃጥለው እፈራለሁ» የሚል ገበሬ የሚፈራው መቃጠሉን ነው፤ በጥገኛው ውስጥ ያለው አሉታ የሚፈራውን ሳይሆን የሚመኘውን ይነግራል። ዓረፍተ ነገሩ በውስጡ «እንዳያቃጥለው እመኛለሁ፤ ያቃጥለው ይሆናል ብዬም እፈራለሁ» የሚሉ ሁለት ሐሳቦችን አጣምሯል። ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ላቲንም በ«ቲሜዮ ኔ ቬኒያት» «እንዳይመጣ እፈራለሁ» ይል ነበር፤ ፈረንሳይኛም ከፍርሃት ግሶች በኋላ ትርጉም የሌላትን «ኔ» እስከ ዛሬ በጽሑፍ ይዟል። የዛሬው እስፓንኛ የዕለት ንግግር ግን የሚፈራውን ነገር ያለ አሉታ በቀጥታ ይናገራል፤ «ቴሞ ኬ ላ ኤላዳ ኬሜ ላ ሴባዳ»። «ኬሜ» ዘንድ አንቀጽ ነው፤ ዘገባው «ኬማ» ነው።

«እንዳይ»ን ወደ «ኬ ኖ» የሚመልስ አስተርጓሚ ገበሬውን «ውርጭ ገብሱን ሳያቃጥለው እንዳይቀር እፈራለሁ» ያሰኘዋል። ይህን የሚሰማ እስፓንኛ ተናጋሪ ስሕተቱን በራሱ ያርመዋል፤ ገብሱ እንዲቃጠል የሚመኝ ገበሬ የለምና። «ከዐውዱ ይታወቃል፤ ስለምን ትጨነቃለህ?» የሚል ተቃውሞ የሚነሣውም ከእንዲህ ዓይነቱ ምሳሌ ነው።

ነገር ግን ዐውዱ የማያድንባቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉ። አንዲት ሴት ቁስሏን ለማሳየት እስፓንኛ ተናጋሪ ሐኪም ፊት ቀርባለች እንበል። ሐኪሙ ወደ ቤቷ ለመመለስ ለምን እንደምትፈራ ይጠይቃታል። እርሷም «ባለቤቴ ተመልሶ እንዳይመጣ እፈራለሁ» ትላለች። ትክክለኛው ትርጉም «ቴሞ ኬ ሚ ማሪዶ ቡዌልባ» ነው፤ የምትፈራው መምጣቱን ነው። አስተርጓሚው አማርኛውን ቃል በቃል ተከትሎ «ቴሞ ኬ ሚ ማሪዶ ኖ ቡዌልባ» ቢል ሐኪሙ የሚሰማው «ባለቤቴ ሳይመለስ እንዳይቀር እፈራለሁ» የሚል ነው። ይህ በሰዋስው እንከን የለውም፤ አንቀጹ ትክክለኛ ዘንድ አንቀጽ ነው፤ ሐሳቡም ተራ ሚስት ልትናገረው የምትችለው ነው። ሐኪሙ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። ከባሏ የሸሸች ሴት ባሏን የምትናፍቅ ሴት ሆና ትመዘገባለች። በዘንድ አንቀጽ ዝርዝር የሚፈተን ተማሪ ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ፈተናው «ቡዌልቤ» በማለት ፈንታ «ቡዌልባ» ማለቱን ብቻ ይለካልና።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአማርኛው ውስጥ ይፈጸማል። አስተርጓሚው «እንዳይ… እፈራለሁ» ሲሰማ በልቡ ወደ «ይ…ል ብዬ እፈራለሁ» ይመልሰው። «እንዳይመጣ እፈራለሁ» «ይመጣል ብዬ እፈራለሁ» ይሆናል፤ አሉታው ጠፋ። ከዚያ ዘንድ አንቀጹን አድርጎ ወደ እስፓንኛ ያሻግረው። እውነተኛ አሉታ ያለበት ዓረፍተ ነገር ሲመጣም ይኸው ዘዴ ይሠራል። የበልጉን ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ «ሳይዘንብ እንዳይቀር እፈራለሁ» ይላል። ሲመለስ «ሳይዘንብ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ»፣ ማለትም «አይዘንብም ብዬ እፈራለሁ» ይሆናል። ከሁለቱ አሉታዎች የ«እንዳይ» ጠፋ፤ የ«ሳይ» ቀረ። ስለዚህ «ቴሞ ኬ ኖ ዩዌባ» ትክክል ነው። ለአስተርጓሚው መመሪያው እንግዲህ የ«እንዳይ»ን አሉታ መተው፣ የ«ሳይ»ን ወይም የ«አይ…ም»ን አሉታ መያዝ ነው።

ስለ ፍርሃት አንድ ነገር ይቀራል። እስፓንኛ «ሜ ቴሞ ኬ» ብሎ በራስ ላይ በመመለስ ሲናገር ብዙውን ጊዜ ፍርሃት አይደለም፤ መጥፎ ዜናን ማለዘቢያ ነው። «ሜ ቴሞ ኬ ያ ኤስ ታርዴ» ማለት «እንግዲህ ሳይረፍድ አልቀረም» እንደ ማለት ነው፤ አንቀጹም ዘገባ ነው። ይህም የማረጋገጥን ሐሳብ ይደግፋል። ግሱ የፍርሃት ዝርዝር ውስጥ ቢኖርም፣ ተናጋሪው ነገሩን እንደ መረጃ ስላቀረበው ዘንዱ ይቀራል።

ተቃውሞና ገደብ

ሁለት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። አንደኛው ተማሪ በመጀመሪያ ቋንቋው ላይ መደገፍ የለበትም የሚለው ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ምሳሌ ራሱ አማርኛ የሚያሳስት መሆኑን ያሳያልና። ነገር ግን ተማሪው ፈቀድንለትም አልፈቀድንለትም በአማርኛ ላይ መደገፉ አይቀርም። ስለ «እንዳይ» ፈጽሞ ያልተነገረው ሰው ነው «ኬ ኖ» የሚለው። ምርጫችን ድጋፉን መከልከል ሳይሆን የሚሰበርበትን ቦታ አስቀድሞ ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው። እስፓንኛ ዘንድ አንቀጽን ከፍላጎት፣ ከጥርጣሬና ከስሜት ውጭም ይጠቀማል፤ ያልታወቀን ሰው በሚገልጽ ሐረግ፣ ገና ባልደረሰ ጊዜ ላይ፣ በይሁንታ ዓረፍተ ነገር ውስጥ። «እንዲ» እና «እንደሚ» እነዚህን አይሸፍኑም። ይህ እውነት ነው፤ የእኔም ሐሳብ የተገደበው «ኬ» ከዋና ግስ በኋላ በሚያመጣቸው ጥገኞች ላይ ነው። በእነርሱም ውስጥ ቢሆን አማርኛው ስለ ጊዜ ስምምነት ምንም አይነግረንም፤ «ቤንጋ» እና «ቢኒዬራ» በእስፓንኛ ሕግ ብቻ የሚመረጡ ናቸው።

በዚህ ገደብ ውስጥ ግን የማስተማሪያው ቅደም ተከተል እንዲለወጥ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያ «ዲሴ ኬ ቢዬኔ» እና «ሌ ዲሴ ኬ ቤንጋ» ከ«እንደሚ» እና ከ«እንዲ» ጋር ጎን ለጎን ይቅረቡ። ቀጥሎ «መጠራጠር» በሁለት መንገዱ፣ ከዚያም «በመዝነቡ» ከ«ስለዘነበ» ጋር ይቅረብ። የክፍለ ጊዜው ትልቁ ድርሻ ለተስፋና በተለይም ለፍርሃት ይሰጥ። ፈተናውም የግሱን መጨረሻ በመሙላት አይወሰን፤ «ባለቤቴ ተመልሶ እንዳይመጣ እፈራለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ ወደ እስፓንኛ ያስመልስ። የተማሪው መልስ «ቡዌልባ» ካለና «ኖ» ከሌለበት፣ ያ ተማሪ አንቀጹንም ትርጉሙንም ይዟል።